አካውንቱ ከመዘጋቱ በፊት ምን ወረደ?

የፌስቡክ አካውንቱን ለመዝጋት የወሰነ ሰው፣ ለዓመታት ያጠራቀመውን ፎቶ፣ ጽሑፍና መልእክት በፋይል አውርዶ ማስቀረት እንደሚችል ብዙ ጊዜ ሰምቷል። ያልሰማው ሌላ ነገር አለ። ቅጹን አስቀድሞ እንደተሞላ ከላከው የሚደርሰው ካስቀመጠው ጥቂቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ጉድለቱ የሚታየውም አካውንቱ ከጠፋ በኋላ፣ አንድ ቀን አንዲት ፎቶ ፈልጎ ሲያጣት ነው።

ጅዳ በቤት ሠራተኝነት አሥር ዓመት የቆየች አንዲት እናት እናስብ። አካውንቷን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ልጇ ድክ ድክ ሲል፣ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ጥርሱ ሲወልቅ እህቷ ፎቶ እያነሣች የላከችላት በሜሴንጀር ነበር። አሁን በሕይወት የሌሉት እናቷ ይልኩላት የነበረው የድምፅ መልእክትም እዚያው ነው። በእነዚያ ዓመታት ስልክ ቀያይራለችና ሌላ ቅጂ የላትም። አገሯ ገብታ አካውንቱን መዝጋት ስትፈልግ ከሁሉ በፊት ማትረፍ ያለባት እነዚህን ነው።

መንገዱ የሚጀምረው ከፌስቡክ ማስተካከያ ነው። እዚያ `Accounts Center` የሚለውን፣ ቀጥሎ `Your information and permissions` የሚለውን ስትከፍት `Export your information` የሚል ታገኛለች። ይህ የመጨረሻው ቀድሞ `Download your information` ይባል ነበር። ፋይሉ ወደ ራሷ ስልክ ወይም ኮምፒውተር እንዲመጣ ከመረጠች በኋላ ቅጹ ይከፈታል። ጥያቄውን ከመላኳ በፊት ሦስት ቦታ ላይ እጇን ሰብሰብ ማድረግ አለባት።

የመጀመሪያው `Date range` ነው። ብዙ ጊዜ ተሞልቶ የሚጠብቃት ያለፈው አንድ ዓመት ነው። ካልለወጠችው የልጇ ሕፃንነት በሙሉ ይቀራል፤ ስለዚህ `All time` ማለት አለባት። ሁለተኛው `Media quality` ሲሆን፣ መካከለኛ ከሚለው ወደ `High` ካላሻገረችው ፎቶዎቹ ጥራታቸው ቀንሶ ይመጣሉ። ሦስተኛው `Format` ነው። ምርጫው `HTML` ወይም `JSON` ነው፤ ለእኛ ቋንቋ ልዩነቱ ትልቅ ነው። `HTML` እንደ ማንኛውም ድረ ገጽ ተከፍቶ ይነበባል፣ አማርኛውም በፊደሉ ይታያል። `JSON` የተዘጋጀው ለኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ፌስቡክ በዚህ ቅርጽ ሲያወጣ ፊደሎቻችንን ይሰባብራቸዋል፤ «ሰላም» የሚለው ቃል እንዲህ ሆኖ ይመጣል፦

```
\u00e1\u0088\u00b0\u00e1\u0088\u008b\u00e1\u0088\u009d
```

እንዲህ ያለ ፋይል የደረሰው ሰው ጽሑፉ ጠፋ ብሎ አይጣለው። እያንዳንዱ ፊደል በሦስት ቁራጭ ተከፍሎ ነው እንጂ ሁሉም እዚያው አለ፤ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው በአጭር ትእዛዝ መልሶ ይገጥመዋል። ለተራ አንባቢ ግን `HTML` መምረጥ ከዚህ ጣጣ ያድናል።

ጥያቄው ከተላከ በኋላ ፋይሉ እስኪዘጋጅ መጠበቅ ነው። አካውንቱ ትንሽ ከሆነ በደቂቃዎች፣ ትልቅ ከሆነ በቀናት ይደርሳል። ማስታወቂያ ሲመጣ ፋይሉ ለማውረድ ክፍት ሆኖ የሚቆየው አራት ቀን ብቻ ነው፤ ካለፈ እንደገና መጠየቅ ግድ ይሆናል። የአሥር ዓመት ፎቶና ቪዲዮ ብዙ ጊጋባይት ሊሆን፣ በብዙ ዚፕ ፋይሎች ተከፋፍሎም ሊመጣ ይችላል። በሞባይል ፓኬጅ ለሚጠቀምና መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚኖር ሰው የምመክረው፣ ሁሉን በአንድ ጊዜ ከመጠየቅ በዓመት በዓመት ከፍሎ መጠየቅን ነው። አንዱ ማውረድ ቢቋረጥ የሚደገመው ያ ዓመት ብቻ ይሆናል።

ሰው ሁሉ የሚሰናከልበት ትልቁ ቦታ ግን መልእክቶቹ ናቸው። ሜታ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ የሜሴንጀር የግል ውይይቶችን ቀስ በቀስ ወደ ምሥጢራዊ ቁልፍ ቀይሯል። ላኪና ተቀባይ እንጂ ኩባንያው ራሱ ሊያነባቸው አይችልም። ሊያነበው ያልቻለውን ደግሞ በመደበኛው ፋይል ውስጥ ጨምሮ ሊሰጥ አይችልም። እናም ያች እናት ፋይሉን ስትከፍት ከእህቷ ጋር ያደረገችው ውይይት በሆነ ቀን ላይ ድንገት ቀጥ ብሎ ታገኘዋለች። ያልተላከ ነገር ኖሮ አይደለም፤ የቀረው ሌላ መጋዘን ውስጥ ስላለ ነው።

ያንን ለማውጣት በኮምፒውተር ፌስቡክን ከፍታ ወደ ሜሴንጀር ማስተካከያ ትሄዳለች። በ`End-to-end encrypted chats` ሥር `Message storage`፣ በእሱም ውስጥ `Download secure storage data` አለ። እዚህ ላይ መጋዘኑ ሲከፈት ያወጣችውን ፒን ልትጠየቅ ትችላለች። መጋዘኑን ጭራሽ ካልከፈተችው፣ እነዚያ መልእክቶች ያሉት በተቀበለችበት ስልክ ላይ ብቻ ነው። ያኔ ስልኩን ሳታጠፋና ሜሴንጀርን ሳታነሣ፣ የምትወዳቸውን ፎቶዎችና ድምፆች አንድ በአንድ ወደ ስልኳ ማስቀመጥ ይኖርባታል። አድካሚ ነው፤ ግን የሚያዋጣ ድካም ነው።

በየትኛውም ፋይል ውስጥ የማይገኝ ነገርም አለ። እህቷ በራሷ ገጽ ላይ ለጥፋ እሷን ታግ ያደረገችባቸው ፎቶዎች የእህቷ ናቸው፤ አይመጡላትም። ሰዎች በፖስቷ ሥር የጻፉት «እንኳን ደስ አለሽ» እና «ነፍስ ይማር» ከእነሱ አካውንት ጋር የተያያዘ ስለሆነ አብሮ አይወርድም። የሐዘን ቀን የተጻፈላትን ማስቀረት ከፈለገች ከገጹ ላይ ስክሪንሾት ታንሣ።

ፋይሉ ከወረደ በኋላ ዚፑ መጀመሪያ ይፈታ። ሳይፈታ ከውስጡ የተከፈተ ገጽ ብዙ ጊዜ ጽሑፉን አሳይቶ ፎቶውን ባዶ ያደርገዋል፤ ሰውም ፎቶዬ የለም ብሎ ይደነግጣል። ከተፈታ በኋላ `start_here.html` የሚለው ሲከፈት ሁሉም ከዚያ ይገኛል። ያች እናት መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የ2013 ፖስቷን ትፈልግ፤ ካለ የቀኑ ምርጫ ትክክል ነበር። ከዚያ የእናቷን አንድ የድምፅ መልእክት ከፍታ ታዳምጥ። በመጨረሻም ከእህቷ ጋር ያለው ውይይት እስከ መቼ እንደሚደርስ ትይ። ፎቶዎቹ ራሳቸው የተነሡበትን ቀን ይዘው ላይመጡ ስለሚችሉ ስልኳ ሁሉንም ዛሬ እንደተነሡ አድርጎ ቢደረድራቸው አትደንግጥ፤ የተለጠፉበት ወይም የተላኩበት ቀን በገጹ ላይ ከፎቶው አጠገብ ተጽፏል። ለዚህም ነው ፎቶዎቹን ብቻ ለይቶ አውጥቶ የቀረውን መጣል የማይገባው።

ይህ ሥራ በኢንተርኔት ካፌ ባይሠራ እመርጣለሁ። ፋይሉ ውስጥ ስልክ ቁጥር፣ የግል ውይይት፣ የገባችባቸው ቦታዎች ዝርዝር ሁሉ አለ። ሌላ አማራጭ ከሌላት ፋይሉን ወደ ፍላሽ ከገለበጠች በኋላ ከኮምፒውተሩ ማውረጃ ፎልደርም ከቆሻሻ ቅርጫቱም ታጥፋው፣ ከአካውንቷም ትውጣ። ቤት ስትደርስ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ታስቀምጥ፤ ፍላሽ ይበላሻል፣ ይጠፋልም።

መዝጋቱ ራሱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። በፌስቡክ ገብታ የምትጠቀምባቸው ሌሎች መተግበሪያዎች ካሉ በኢሜይል ወይም በስልክ እንዲከፈቱ አስቀድማ ትቀይራቸው። ብቻዋን የምታስተዳድረው ገጽ ካለ ሌላ አስተዳዳሪ ትሹም፤ አለበለዚያ ገጹም አብሮ ይጠፋል። ማጥፋቱን ካረጋገጠች በኋላ ሐሳቧን ለመለወጥ 30 ቀን አላት፤ ያ ካለፈ አካውንቱን መመለስ አይቻልም። መረጃው ከኩባንያው መዝገብ እስኪጠፋ እስከ 90 ቀን ሊወስድ ይችላል። እሷ ለሌሎች የላከችው መልእክት ግን በተቀባዮቹ ሜሴንጀር ውስጥ ይቀራል፤ የራሷን አካውንት መዝጋቷ ያንን አያጠፋውም።