ላዩ ፍርፋሪ፣ ሥሩ ጭማቂ፦ ከክራምብልና ከሦስቱ ማወፈሪያዎች ጋር ትውውቅ

ክራምብል የእንግሊዞች የፍራፍሬ ጣፋጭ ነው። ከሥር የተከተፈ ፍራፍሬ በስኳር ይደረጋል፤ ከላዩ ፉርኖ ዱቄት፣ የገበታ ቅቤና ስኳር አብረው ታሽተው የሚወጣው ፍርፋሪ ይነሰነስበትና ኦቨን ይገባል። የሚዳመጥ ሊጥም ሆነ የሚገጠም ክዳን የለውም። ታሪኩ ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋር የሚያያዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ብሪታንያ ውስጥ ከጥር 1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅቤና ስኳር በራሽን ሲታደሉ፣ ፍራፍሬውን ሙሉ በሙሉ በሊጥ ከመሸፈን ይልቅ ባለችው ቅቤ ጥቂት ፍርፋሪ አሽቶ መነስነስ ያዋጣ ነበር። አሜሪካኖች ደግሞ ፍርፋሪው ላይ አጃ ጨምረው ክሪስፕ ይሉታል።

አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ሁለት ነገሮች በተደጋጋሚ ይበላሻሉ። አንደኛው፣ ላዩ ቁርጥም ቁርጥም ማለት ሲገባው ርሶ ሊጥ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ማንኪያ ሲገባበት ከሥሩ ቀጭን ውኃ ይፈስሳል። ብዙ ሰው እነዚህን እንደ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ያያቸዋል፤ ፍርፋሪው ሲርስ ዱቄት ይጨምራል፣ ጭማቂው ሲቀጥን ስታርች ይጨምራል። ምንጫቸው ግን አንድ ነው፤ ከፍራፍሬው የሚወጣው ውኃ።

ኮክን እንውሰድ። ከመቶ እጅ ወደ ዘጠና የሚጠጋው ውኃ ነው። ስኳር ሲነሰነስበት ውኃው ወደ ውጭ መውጣት ይጀምራል፤ ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ የፍሬው ሥጋ ይፈርስና የቀረውም ይለቀቃል። ይህ ጭማቂ ቀጭን ከሆነ በኃይል እየፈላ ወደ ላይ ይዘልላል፤ የፍርፋሪውን ሥር ያረጥበዋል። የረጠበ ዱቄት ደግሞ ሊጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ኦቨን ውስጥ ቢቆይ ላዩ ይቀላል እንጂ ሥሩ አይደርቅም። ጭማቂው ከወፈረ ግን አፈላሉ ይረጋጋል፣ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ማወፈሪያው ለጭማቂው ብቻ ሳይሆን ለፍርፋሪውም ይሠራል። እንፋሎቱን ግን አያስቀረውም፤ እንፋሎቱ መውጫ የሚያገኘው በፍርፋሪው አደራረግ ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

ስታርች እንዴት እንደሚያወፍር አጥሚት የሠራ ሰው ያውቀዋል። ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጥና የሚፈላው ላይ ይጨመራል እንጂ ደረቁን ከፈላ ውኃ ጋር አያገናኙትም፤ ካገናኙት ይጓጉላል። በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የስታርች ቅንጣቶች ተለያይተው ይንሳፈፋሉ፤ ሙቀቱ 60 ዲግሪን አልፎ ሲወጣ ውኃ እየጠጡ ማበጥ ይጀምራሉ፣ ፈሳሹም ይጠብቃል። የበቆሎ ስታርች ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ግን ወደ መፍያው ሲጠጋ፣ 95 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚያ ላይ ስኳር ውኃውን ስለሚሻማው፣ ጣፋጭ ጭማቂ ውስጥ ስታርቹ ለማበጥ ተጨማሪ ሙቀት ይፈልጋል። ያልፈላ ክራምብል ያልወፈረ ክራምብል ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሦስቱ ማወፈሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የበቆሎ ስታርች ነው፤ በሱቅ ስሙ ኮርን ስታርች። ጥቂቱ ብዙ ያወፍራል፤ ጭማቂውንም የሚያብረቀርቅና ጥርት ያለ ያደርገዋል። ደካማ ጎኑ አሲድና ብርድ ነው። ከሎሚ ጭማቂ ጋር ረጅም ጊዜ ከፈላ የጠበቀው መልሶ ይቀጥናል። ፍሪዘር ገብቶ ሲቀልጥ ደግሞ የረጋው ክፍል እንደ ስፖንጅ ይሆንና ውኃውን ይተፋል።

ፉርኖ ዱቄት በሁሉም ቤት አለ፤ ነገር ግን ከስታርች ሌላ ፕሮቲንም ስላለው የማወፈር ጉልበቱ ከበቆሎ ስታርች ግማሽ ገደማ ነው። አንድ ማንኪያ ስታርች በሚበቃበት ቦታ ሁለት ማንኪያ ዱቄት ይፈልጋል። ጭማቂውን ያደፈርሰዋል፤ በደንብ ካልበሰለ ጥሬ ዱቄት ጥሬ ዱቄት ይላል። ጭማቂው ብዙም ለማይወጣና መልኩ ለማያሳስብ ፍሬ፣ ለምሳሌ ለፖም፣ በቂ ነው። የጨንቻን ፖም የመሰለ ጠንከር ያለ ፍሬ ከሆነ ለአንድ ኪሎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይበቃዋል።

ታፒዮካ ከካሳቫ ሥር የሚወጣ ስታርች ነው። ካሳቫ በወላይታና በጋሞ አካባቢም ይበቅላል፤ ይሁንና የካሳቫ ዱቄት ሥሩ ከነጭረቱ ደርቆ የተፈጨ በመሆኑ የታፒዮካን ቦታ አይተካም። ታፒዮካ ከበቆሎ ስታርች ባነሰ ሙቀት ያወፍራል፣ ከሦስቱም ይበልጥ ጭማቂውን ጥርት ያደርጋል፣ የራሱ ጣዕም የለውም፣ ፍሪዘርንም ይችላል። ብዙ ከተማሰለና ረጅም ጊዜ ከፈላ ግን ይለጠጣል፤ ማንኪያው ሲነሳ እንደ ክር ይሳባል። ሲገዛም መልኩን ማየት ያስፈልጋል። ዱቄቱ እንደ ስታርች ይገባል፤ ደቃቅ ፍሬ የሆነው ደግሞ ከፍራፍሬው ጋር ተቀላቅሎ 15 ደቂቃ መራስ አለበት፤ አለዚያ ጥርስ ላይ ይቀራል። ትልልቁ ክብ ታፒዮካ ለክራምብል አይሆንም።

አሁን አንድ የኮክ ክራምብል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሥራ። አንድ ኪሎ የበሰለ ኮክ የፈላ ውኃ ውስጥ ለግማሽ ደቂቃ ነክሮ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ማዛወር ልጣጩን ያላቅቀዋል። ዘሩ ወጥቶለት ወፈር ወፈር ተደርጎ ይቆረጥና በ100 ግራም ስኳር ተለውሶ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። ከዚያ በማጥለያ ይደረግና የወጣው ጭማቂ ድስት ውስጥ ይጠራቀማል። ጭማቂው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 16 ግራም ገደማ የበቆሎ ስታርች ይበጠበጥበታል። በመካከለኛ እሳት እየተማሰለ ይሞቃል። መጀመሪያ ወተት መስሎ ይነጣል፤ ሲፈላ ይጠብቅና ይጠራል። ከጠራ በኋላ አንድ ደቂቃ አፍልቶ ማውጣት ነው። የሎሚው ጭማቂ፣ አንድ ማንኪያ፣ የሚጨመረው ከወጣ በኋላ ነው።

በዚህ ጊዜ ድስቱ ውስጥ ያለው ከመጠን በላይ የወፈረ ይመስላል። ውኃ መጨመር አያስፈልግም፤ ኮኩ ኦቨን ውስጥ ገና ብዙ ጭማቂ ስለሚለቅ ያቀጥነዋል። ወፍራሙ ከኮኩ ጋር ተደባልቆ ሰፊና ብዙ ጥልቀት የሌለው የመጋገሪያ ሳህን ውስጥ ይገባል። ይህ አካሄድ ለፍርፋሪውም ይጠቅማል፤ ስታርቹ አስቀድሞ ስለበሰለ መሃሉ እስኪፈላ ሲጠበቅ ላዩ አያርርም። በዱቄት ለሚሠራ አራት ማንኪያ፣ በታፒዮካ ዱቄት ለሚሠራ ሦስት ማንኪያ ይሆናል፤ ታፒዮካው መፍላት እንደጀመረ ወዲያው ይወጣል።

ፍርፋሪው 150 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 100 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ፣ 90 ግራም ስኳር፣ 50 ግራም አጃና ቁንጥር ጨው ነው። ቅቤው ተከትፎ ዱቄቱ ውስጥ በጣት ጫፍ ይታሻል። አሸዋ ሲመስል ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ እንዲህ ደቅቆ ከቀረ ግን ተጠጋግቶ ይተኛል፣ የእንፋሎቱን መውጫ ይደፍናል። ስለዚህ በእፍኝ ጨበጥ ጨበጥ አድርጎ፣ ከሽምብራ እስከ ለውዝ የሚያህል ጉብታ መሥራትና ሩብ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ያስፈልጋል። ቀዝቃዛው ቅቤ ቀስ ብሎ ስለሚቀልጥ ጉብታው ቅርጹን ሳይለቅ ይደርቃል። ሲነሰነስ አይጠቀጠቅም፤ ውፍረቱ ከሁለት ሳንቲሜትር አይበልጥም፤ በሳህኑ ዳርም ጭማቂው የሚፈላበት ጠባብ ክፍተት ይተውለታል።

እንደ እንጆሪ ውኃው ለበዛ ወይም ከፍሪዘር ለወጣ ፍራፍሬ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ፍርፋሪው ለብቻው ትሪ ላይ ተበትኖ በ180 ዲግሪ 12 ደቂቃ ያህል፣ ወርቅማ መሆን እስኪጀምር ይጋገራል። ከዚያ አስቀድሞ በሞቀው ፍራፍሬ ላይ ይነሰነሳል። የዱቄቱ ገጽ በቅቤና በስኳር ደርቆ ስለሚደርስ ጭማቂውን እንደ ጥሬው አይመጥጥም።

የኮኩ ክራምብል በ190 ዲግሪ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጅበታል። ከሰዓት ይልቅ አረፋውን መመልከት ይሻላል። ዳር ዳሩ የሚፈላው ቀድሞ ነው፤ እሱ አይበቃም። በመሃል በኩል በፍርፋሪው መካከል ዘግየት እያለ የሚፈነዳ፣ ወፍራምና ጥርት ያለ አረፋ ሲታይ ደርሷል። አረፋው ቀጭንና ፈጣን ከሆነ፣ ወይም ጭማቂው ገና ነጣ ካለ ጊዜ ይቀረዋል። ላዩ ቀድሞ ከቀላ ሳህኑን ዝቅ ባለው መደርደሪያ አድርጎ ሙቀቱን መቀነስ እንጂ በፎይል ማፈን አይበጅም፤ የታፈነ እንፋሎት ተመልሶ የሚወርደው ፍርፋሪው ላይ ነው።

ሲወጣ ጭማቂው የቀጠነ ይመስላል። ስታርች ሲቀዘቅዝ ስለሚጠብቅ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው አይፈረድበትም። ከዚያም በኋላ የሚፈስስ ከሆነ መሃሉ አልፈላም ወይም ማወፈሪያው አንሷል። እንደ ሙጫ ከያዘ ማወፈሪያው በዝቷል። ጭማቂው ደህና ሆኖ የፍርፋሪው ሥር ነጭ ሊጥ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የስታርቹ አይደለም፤ ፍርፋሪው ደቅቋል፣ ወፍሯል ወይም ተጠቅጥቋል።

ሁሉም በትክክል ቢሠራም ፍርፋሪው በአንድ ሌሊት ከሥሩ ካለው ጭማቂ እርጥበት መሳቡ አይቀርም። ሙቅ ሳለ መክደን ደግሞ ነገሩን ያፋጥነዋል፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የሚከደነው። በማግስቱ ክዳኑን አንስቶ በ180 ዲግሪ ኦቨን ሩብ ሰዓት ማሞቅ የሳበውን እርጥበት ያስወጣለታል፤ ማይክሮዌቭ ግን ያላሽቀዋል። ለእንግዳ ቀደም ብሎ ማዘጋጀት ለሚፈልግ የሚሻለው ሁለቱን ለየብቻ ማቆየት ነው፦ የወፈረው ፍራፍሬ ፍሪጅ ውስጥ፣ ጥሬው ፍርፋሪ ፍሪዘር ውስጥ። የሚገናኙት ኦቨኑ ሲሞቅ ነው፤ ፍሪጅ የዋለው ፍራፍሬ ቀዝቃዛ ስለሚሆን ከተለመደው ጊዜ ላይ አሥር ደቂቃ ገደማ ይጨመርለታል።