ከፎቶ ላይ የተነበበ የዕድል ዛፍ

የዕድል ዛፍ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ቀኝ የሚከፈል ሥዕል ነው። በየቅርንጫፉ ላይ አንድ ቁጥር ይጻፋል፤ ቁጥሩም በዚያ ቅርንጫፍ የመሄድን ዕድል ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ ቅርንጫፎች ቁጥር ብቻውን ይቆማል። የሁለተኛዎቹ ግን ከየት እንደተነሡ ካልታየ ትርጉም የላቸውም፤ «እዚህ ቅርንጫፍ ላይ ከደረስን በኋላ» የሚል ሐሳብ በውስጣቸው አለ። ሁኔታዊ ዕድል የሚባለውም ይኸው ነው፦ አንድ ነገር መሆኑ ከታወቀ በኋላ ሌላው የመሆን ዕድል።

ከደብተር ገጽ ላይ በስልክ የተነሣ አንድ ዛፍ እንውሰድ። የመልመጃው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ ከአንድ አካባቢ ነዋሪዎች 4 በመቶው አንድ በሽታ አለባቸው። ምርመራው በሽታው ካለባቸው ሰዎች 90 በመቶውን ፖዘቲቭ ይላል። በሽታው ከሌለባቸውም 5 በመቶውን በስህተት ፖዘቲቭ ይላል። አንድ ሰው ተመርምሮ ውጤቱ ፖዘቲቭ ቢሆን፣ በእርግጥ በሽታው ያለበት የመሆኑ ዕድል ስንት ነው?

በፎቶው ላይ ከመነሻው ሁለት ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ ላይኛው «በሽታ አለ» 0.04፣ ታችኛው «በሽታ የለም» 0.96። ከላይኛው ጫፍ ደግሞ «ፖዘቲቭ» 0.90 እና «ኔጌቲቭ» 0.10 ይነሣሉ። ከታችኛው ጫፍ የሚነሡት የደብተሩ እጥፋት ጥላ ጥሎባቸዋል፤ «ኔጌቲቭ» 0.95 መሆኑ ይነበባል፣ «ፖዘቲቭ» ግን 0.5 ይሁን 0.05 አይለይም። የገጹ ቀኝ ጠርዝም ስለተቆረጠ የማባዣው ውጤቶች አይታዩም።

የደበዘዘውን ቁጥር በግምት መሙላት አያስፈልግም። ከአንድ ጫፍ የሚነሡ ቅርንጫፎች ያሉትን አማራጮች ሁሉ ስለሚይዙ ድምራቸው ሁልጊዜ 1 ነው። ስለዚህ 1 − 0.95 = 0.05። ይህ ሕግ ሌላ ስህተትም ያጋልጣል። ፎቶው ዘንበል ብሎ ሲነሣ ቁጥሮች ከቅርንጫፋቸው የራቁ ይመስላሉ፤ አንባቢው 0.10ን እና 0.05ን ቢያቀያይር የላይኛው ጥንድ ድምር 0.95፣ የታችኛው 1.05 ይሆናል። ሁለቱም 1 ስላልሆኑ ስህተቱ ወዲያው ይታያል። ሕጉ የማይደርስበት ስህተት ግን አለ። በአንድ ጥንድ ውስጥ 0.90 እና 0.10 ቦታ ቢለዋወጡ ድምሩ አሁንም 1 ነው። ያን ጊዜ የሚያድነው ወደ ጥያቄው ቃል ተመልሶ ማንበብ ብቻ ነው።

ቅርንጫፎቹ ከተረጋገጡ በኋላ ከመነሻው እስከ እያንዳንዱ ጫፍ ባለው መንገድ ላይ ያሉት ቁጥሮች ይባዛሉ። አራት መንገዶች አሉ፦

በሽታ አለ፣ ፖዘቲቭ፦ 0.04 × 0.90 = 0.036
በሽታ አለ፣ ኔጌቲቭ፦ 0.04 × 0.10 = 0.004
በሽታ የለም፣ ፖዘቲቭ፦ 0.96 × 0.05 = 0.048
በሽታ የለም፣ ኔጌቲቭ፦ 0.96 × 0.95 = 0.912

ለምን ይባዛሉ? 1000 ሰዎችን ማሰብ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ከእነሱ 40ው በሽታው አለባቸው። ከነዚህ ከ40ዎቹ 90 በመቶው፣ ማለትም 36ቱ ፖዘቲቭ ይባላሉ። ማባዛቱ ከ1000 ላይ 40ን መክፈልና ከ40ው ላይ እንደገና 36ን መክፈል ነው፤ 36 ከ1000 ደግሞ 0.036 ነው። አራቱ ውጤቶች ሲደመሩ 0.036 + 0.004 + 0.048 + 0.912 = 1 ይሆናል። ድምሩ 1 ካልመጣ አንዱ ማባዣ ተሳስቷል፤ ብዙ ጊዜ የሚሳተው የነጥቡ ቦታ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ዛፉ ከበሽታው ተነሥቶ ወደ ምርመራው ይሄዳል፤ ተመርማሪው በእጁ ያለው ግን የምርመራው ውጤት ነው፣ የሚጠይቀውም ስለ በሽታው ነው። መንገዱን ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ውጤቱ ፖዘቲቭ መሆኑ ስለታወቀ በ«ኔጌቲቭ» የሚያልቁት ሁለት መንገዶች ከሒሳቡ ይወጣሉ። የቀሩት ሁለቱ ተደምረው 0.036 + 0.048 = 0.084 ይሆናሉ። ከዚህ ውስጥ የበሽተኞቹ ድርሻ 0.036 ÷ 0.084 ሲሆን መልሱ 0.43 ገደማ ነው። ከ1000ው ሰው 84ቱ ፖዘቲቭ ተብለዋል፤ በእርግጥ በሽታው ያለባቸው 36ቱ ብቻ ናቸው። ከግማሽ በላይ የሆኑት፣ 48ቱ፣ በሽታው ሳይኖርባቸው ፖዘቲቭ የተባሉ ናቸው።

ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ «90 በመቶ» ብሎ ይመልሳል። 90 በመቶ የሌላ ጥያቄ መልስ ነው፦ በሽታው ያለበት ሰው ፖዘቲቭ የመባሉ ዕድል። ሁለቱን መደባለቅ የተማሪ ስህተት ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪምና የሒሳብ ሰው ዴቪድ ኤዲ በ1982 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ስለ ጡት ካንሰር ምርመራ የተጠየቁ አብዛኞቹ ሐኪሞች ይህንኑ ስህተት እንደሠሩ አሳይቷል፤ ትክክለኛው መልስ ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ሳለ 75 በመቶ ገደማ ብለው ገምተዋል። ዛፉን ሥሎ መንገዶቹን ማባዛት ይህን ስህተት ዓይን ላይ ያመጣዋል፤ ከ40ው 36ቱ ሌላ፣ ከ84ቱ 36ቱ ሌላ መሆኑ በሥዕሉ ላይ ይታያልና።

የኔጌቲቭ ውጤትም በዚያው መንገድ ይሰላል። በ«ኔጌቲቭ» የሚያልቁት መንገዶች ድምር 0.004 + 0.912 = 0.916 ነው። ኔጌቲቭ የተባለ ሰው በሽታው ያለበት የመሆኑ ዕድል 0.004 ÷ 0.916፣ ማለትም 0.0044 ገደማ ይሆናል። ይኸው ምርመራ ፖዘቲቭ ሲል ጥርጣሬ የሚቀርበት፣ ኔጌቲቭ ሲል ግን በጣም የሚታመን ሆኖ ይገኛል።

ሌላ አሳሳች ፎቶም አለ። አንዳንድ ሰው ዛፉን ሲሥል በሁለተኛው ቅርንጫፍ ላይ ሁኔታዊውን ዕድል ሳይሆን ተባዝቶ ያለቀውን ቁጥር ይጽፋል። ለምሳሌ ከ0.04 ቀጥሎ 0.036 እና 0.004 ተጽፈው ይገኛሉ። መለያው ድምራቸው ነው፦ 1 መሆን ሲገባው 0.04 ይሆናል፣ ይኸውም የተነሡበት ቅርንጫፍ ቁጥር ነው። እንዲህ ያሉት ቁጥሮች ዳግመኛ አይባዙም። ሁኔታዊው ዕድል ካስፈለገ በማካፈል ይመለሳል፦ 0.036 ÷ 0.04 = 0.90።

መልሱን ከሁሉም በላይ የሚያንቀሳቅሰው የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ነው። ምርመራው ምንም ሳይለወጥ፣ ከተመርማሪዎቹ በሽታው ያለባቸው 4 በመቶ ሳይሆን 40 በመቶ ቢሆኑ፦

በሽታ አለ፣ ፖዘቲቭ፦ 0.40 × 0.90 = 0.36
በሽታ የለም፣ ፖዘቲቭ፦ 0.60 × 0.05 = 0.03

የሁለቱ ድምር 0.39 ሲሆን 0.36 ÷ 0.39 ደግሞ 0.92 ገደማ ነው። በደበዘዘ ፎቶ ላይ 0.04 እንደ 0.4 ተነብቦ ጎን ለጎኑ ያለው 0.96 ካልታየ፣ 0.43 መሆን የነበረበት መልስ 0.92 ሆኖ ይወጣል። አንባቢው 0.6ን ከራሱ ስለሚሞላ የአራቱ መንገዶች ድምርም 1 ይመጣል፤ ስለዚህ ይህን ቁጥር ከጥያቄው ጋር ማስተያየት ወይም ፎቶውን እንደገና ማንሣት ግድ ይሆናል።