አንድ ታሪክ፣ አራት ጥያቄ

የቺቭኒንግ ማመልከቻ በሚከፈትበት ሰሞን በቴሌግራም ከሚናፈሱት ምክሮች አንዱ በተለይ ጎበዝ አመልካቾችን ጠልፎ ይጥላል። «አንድ ጠንካራ ታሪክ ያዙና በሁሉም መልስ ላይ እሱኑ ደጋግሙት፤ ፈታኞቹ ወጥነት ይወዳሉ» ይላል። «የናሙና ድርሰት» የሚቸበችቡት ደግሞ ይህንኑ በገንዘብ ይሸጡታል። ለእነሱ ያዋጣል፤ አንድ ታሪክ ጽፎ አራት ቦታ መለጠፍ ምን ያደክማል?

ቺቭኒንግ የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1983 የጀመረው የነጻ ትምህርት ዕድል ነው። ለአንድ ዓመት ማስተርስ የሚያመለክት ሰው አራት ነገር ይጠየቃል፦ ሰዎችን መርቶ ወይም አሳምኖ ያመጣውን ለውጥ፣ የሙያ ግንኙነት እንዴት እንደሚፈጥርና እንደሚጠብቅ፣ የሚማርባቸውን ፕሮግራሞች ለምን እንደመረጠ፣ ከዚያም የሥራ ዕቅዱን። ለእያንዳንዱ የሚፈቀደው ጥቂት መቶ ቃል ብቻ ነው።

ምክሩ ከምንም የተነሣ አይደለም። መልሶቹ በአንድ ማመልከቻ ውስጥ ናቸውና እዚህ የግብርና ባለሙያ፣ እዚያ የፋይናንስ አማካሪ መስሎ የቀረበ ሰው ጥርጣሬ ያስነሣል። ነገር ግን ሰውየው እንዳይለዋወጥ እንጂ ታሪኩ እንዲደጋገም የጠየቀ የለም።

በአንድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት ለምሳሌ እንውሰድ። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። በጤና ጣቢያዎቹ ግን የማቀዝቀዣው ሙቀት መመዝገቢያ ሳምንቱ ሲያልቅ በግምት ይሞላ ነበር፤ ይህን ያስተካከለችው እሷ ናት። ግሩም ታሪክ ነው። ምክሩን ሰምታ ብትጽፍ ግን አራቱም መልሶች «ተወልጄ ያደግሁት» ብለው ይጀምራሉ፤ አራቱም ማቀዝቀዣው ዘንድ ይደርሳሉ። መግቢያው 60 ቃል ቢሆን እንኳ 240 ቃል ባከነ ማለት ነው፤ የአንድ ሙሉ መልስ ያህል። አንባቢውም ከሁለተኛው መልስ ጀምሮ አዲስ ነገር አያገኝም።

ማቀዝቀዣው የሚገባው የአመራሩ መልስ ውስጥ ነው፤ እዚያም ቢሆን ክብደቱ ያለው ሰው በማሳመኑ ላይ ነው። አንድ የጤና ጣቢያ ኃላፊ «ሠራተኛ የለኝም» ብሎ እንቢ አለ እንበል። እሷ መመዝገቢያውን ከመሳቢያ አውጥታ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው፤ የጠዋቱን ንባብ ለወጪ ተረኛ፣ የማታውን ለገቢ ተረኛ አደረገችው። በኋላ ይኸው ኃላፊ ራሱ አሠራሩን ለሌሎች ጤና ጣቢያዎች አስረዳ። ተጽዕኖ የሚባለው ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው።

የግንኙነቱ መልስ ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ የዞኑን የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያ። እሱ በስልክ ብልሽት መለየት አስተማራት፤ እሷም የየጤና ጣቢያውን ብልሽት አሰባስባ ትልክለታለች፤ እሱ በአንድ ጉዞ ብዙ እንዲጠግን ማለት ነው። መስጠትና መቀበሉ ካልታየ መልሱ የስልክ ማውጫ ይሆናል። በትምህርቱ መልስ ደግሞ የጎደላት ይገለጣል፦ የተበላሸ ክትባት መለየት ትችላለች፤ የቀጣዩን ሩብ ዓመት ፍላጎት መተንበይ ግን አትችልም። ማመልከቻው ሦስት የተለያዩ የማስተርስ ፕሮግራሞች ያስመርጣልና ሦስቱ ይህን ክፍተት በየትኛው ኮርስ እንደሚሞሉ ትጽፋለች። የዩኒቨርሲቲውን ዕድሜና ዝና ግን የዕድሉ ሰጪዎች ራሳቸው ያውቁታል። ዕቅዱም «ሀገሬን ማገልገል» ብሎ አይበቃም። ተማሪው ሲጨርስ ቢያንስ ለ2 ዓመት ወደ አገሩ የመመለስ ግዴታ አለበት፤ በእነዚያ ዓመታት በየትኛው ቢሮ፣ በየትኛው ኃላፊነት እንደምትሠራ ይጻፍ።

አንድ ክስተት ሁለት መልስ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ የሚል ሕግ የለም። በግማሽ ዐረፍተ ነገር ማስታወስ ብዙ ጊዜ ይጠቅማል፤ እንደገና መተረክ ነው የሚጎዳው። ለማጣራት ጥያቄዎቹን ደብቆ መልሶቹን ብቻ ለማያውቃት ሰው መስጠትና የቱ ለየትኛው እንደሆነ እንዲያዛምድ መጠየቅ ነው። ሁለቱ ከተምታቱበት አንዱ ሥራ ፈት ነው።

ሌሎቹ ተረቶች ብዙ ቦታ አያሻቸውም። «እኔ ማለት ትዕቢት ነው» የሚለው ጨዋነት እዚህ አመልካቹን ይሰውረዋል፤ «ሠርተናል» ሲባል ማን ምን እንደሠራ አይታወቅም። «የተፈቀደው ቃል እስከ መጨረሻው ይሞላ» የሚለውም መሠረት የለውም፤ ገደቡ ጣሪያ ነው። ኢትዮጵያን በሕዝብ ብዛትና በታሪክ ማስተዋወቅማ ይቅር።

የተለየ መልስ መኖሩ ከተመረጡም በኋላ ይጠቅማል። ለቃለ መጠይቅ የተጠራ ሰው የጻፈውን እንዲያብራራ ይጠየቃል፤ ፋርማሲስቷ ስለ ኃላፊው፣ ስለ ጥገና ባለሙያው፣ ስለ ትንበያውና ስለ ቢሮው የምትናገረው አላት። አራት ጊዜ ስለ ማቀዝቀዣ የጻፈው ግን አምስተኛ ጊዜ ስለ ማቀዝቀዣ ሊያወራ ነው።