የልጄ ቤት፣ የልጄ መኪና፣ የልጄ ግብር

ነገሩ የሆነው በኅዳር 2012 ነው። ወናጎ ቡና ለቀማው ላይ ነበር። ልጄ የሥራ መኪናውን ከደጅ አቁሞ ገባና፣ የደመወዝ ወረቀቱን ዘረጋልኝ። «አባዬ፣ እስቲ ይህን እየው። ደመወዜ አልተቀነሰም፤ እጄ ላይ የሚደርሰው ግን 1,130 ብር ጎደለ» አለኝ። የሕፃኗ ወተት በዚያ ገንዘብ ነበር የሚገዛው።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዲላ ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። መነጽሬን አጠለቅሁና አብረን ተቀመጥን።

ቀጣሪው ቤት ተከራይቶ ሲያኖርና መኪና ለግልም እንዲነዳ ሲሰጥ፣ ሕጉ እንደ ገቢ ይቆጥረዋል። ጥሬ ብር ባይሆንም ዋጋው በየወሩ ደመወዝ ላይ ይደመራል። ስለዚህ «ለምን ተቆረጠ?» ማለት አያዋጣም። መጠየቅ ያለበት «በስንት?» ብሎ ነው።

ደመወዙ 9,000 ብር ነበር። በዚያን ጊዜው መጣኔ ግብሩ 1,745 ብር ነው። ቤቱን ድርጅቱ በወር 2,000 ብር ይከራየዋል፤ ከዚያ ውስጥ 500ውን ግን ልጄ ራሱ ይከፍላል። ሠራተኛው የከፈለው ስለሚቀነስ፣ የቤቱ ጥቅም 1,500 ብር ነው። የመኪናው አቆጣጠር ሌላ ነው። በደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት መኪናው ለድርጅቱ የተገዛበት ዋጋ በ5 በመቶ ተባዝቶ ለ12 ይካፈላል። መኪናው በ360,000 ብር ስለተገዛ፣ በዓመት 18,000፣ በወር 1,500 ብር ይመጣል።

ሁለቱ ሲደመሩ 3,000 ብር፣ ከደመወዙ ጋር 12,000 ብር ሆነ። ግብሩ 2,700 ብር ነው፤ የጨመረው 955 ብር ብቻ። ወረቀቱ ላይ ግን 1,130 ተጽፏል። ለካስ ልጄ የሚከፍለውን 500 ብር ሳይቀንሱ ነው የደመሩት።

«ገና አልጨረስንም ልጄ» አልኩት። ደንቡ ጣሪያም አበጅቷል። በዓይነት በሚገኝ ጥቅም ላይ የሚከፈለው ግብር ከደመወዙ 10 በመቶ መብለጥ የለበትም። የ9,000 ብር 10 በመቶ 900 ነው። ስለዚህ መቆረጥ የነበረበት 900 ብር ነበር፤ 230 ብር አለአግባብ ሄዷል።

ስሌቱን በአንድ ገጽ ጽፌ፣ የኪራይ ክፍያ ደረሰኙን አያይዞ ለሒሳብ ክፍሉ እንዲያቀርብ ነገርኩት። ያለ ጭቅጭቅ በሚቀጥለው ወር አስተካከሉለት።

ከሐምሌ 2017 ወዲህ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 የደመወዝ ግብር መጣኔው ተለውጧል። 2,000 ብር ድረስ ግብር የለም፤ 35 በመቶ የሚጀምረውም ከ14,000 ብር በላይ ነው። እንግዲህ የእኔን ቁጥሮች እንዳሉ አትውሰዷቸው። ልጃችሁ ቤት ወይም መኪና ከተሰጠው ግን ወረቀቱን አስመጡና ሦስት ነገር እዩ፦ ለቤቱ የተደመረው ስንት ነው? ልጁ ራሱ የከፈለው ተቀንሷል? መኪናውስ የተሰላው በተገዛበት ዋጋ ነው?