ከሳጥኑ በፊት፦ የታዳጊ ዘላዮች የፕላዮሜትሪክ ሥልጠና

ከሳጥን ላይ ወርዶ መሬት እንደነኩ ወዲያውኑ መዝለል በ1960ዎቹ የሶቪየት አሰልጣኝ ዩሪ ቬርኾሻንስኪ ያስፋፋው ዘዴ ነው። «ፕላዮሜትሪክስ» የሚለውን ስም ደግሞ አሜሪካዊው ፍሬድ ዊልት በ1975 አወጣለት። ቬርኾሻንስኪ ዘዴውን ያዘጋጀው ለዓመታት በከባድ ክብደት ለሠለጠኑ አዋቂ ዘላዮች ነው። ዛሬ ግን የ13 ዓመት ልጅ በስልኩ ያየውን ሳጥን ፍለጋ የትምህርት ቤቱን ወንበር ይደራርባል፤ አሰልጣኙም ብዙ ጊዜ አይከለክለውም።

የሥልጠናው ምስጢር ጡንቻና ጅማት በፍጥነት ተለጥጠው ወዲያው ሲሰበሰቡ በሚመልሱት ጉልበት ላይ ነው። እግር መሬት ላይ በቆየ ቁጥር ያ ጉልበት ይባክናል። ርዝመት ዘላይ ጣውላውን ረግጦ እስኪነሣ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሱሉስ ዝላይ ላይ ደግሞ በሁለተኛው እርምጃ አንድ እግር የሚሸከመው ጫና በአዋቂ ተወዳዳሪዎች ሲለካ ከሰውነት ክብደት ከ10 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ታዳጊው እስከዚያ መድረሱ አይቀርም፤ ጥያቄው በምን መንገድ ይድረስ የሚለው ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ዕድሜ ሳይሆን ቁመት ነው። ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ 12 ዓመት አካባቢ፣ ወንዶች 14 ዓመት አካባቢ ሽቅብ ይመዘዛሉ። በዚያ ወቅት አጥንት ይቀድማል፣ ጡንቻና ጅማት በኋላ ይከተላሉ። ስለዚህ የታፋ ጡንቻ ከጉልበት ሎሚ በታች፣ የባት ጡንቻ ደግሞ ተረከዝ ላይ፣ ገና ያልጠነከረውን የአጥንት ማደጊያ ይጎትታሉ። ከጉልበት በታች አበጥ ብሎ የሚያመው ኦስጉድ ሽላተር፣ ተረከዝ ላይ የሚያመው ደግሞ ሴቨር ይባላል። አሰልጣኙ በየወሩ ልጆቹን ግድግዳ አስደግፎ ቢለካ ይበቃዋል። በሦስት ወር 2 ሳንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ ያደገ ልጅ ሥልጠናውን አያቋርጥም፤ የዝላዩ ብዛት ግን ይቀነስለታል፣ አዲስ ከባድ ልምምድም አይጨመርለትም።

ቀጥሎ አወራረድ ይመጣል። ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ከፍታ ካለው ደረጃ ልጁን አስወርዶ ሁለት ሦስት ሰከንድ እንዲቆም ማድረግ ነው። አሰልጣኙ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን ይቁም። ከፊት ሲታይ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ተጠጋግተው ከሆነ ወይም አንዱ እግር ቀድሞ ከነካ ችግር አለ። ከጎን ሲታይ ጉልበትና ዳሌ አብረው መታጠፍ አለባቸው፤ ቀጥ ባለ እግር መውረድ ጫናውን ወደ ጉልበት ይልካል። የጉልበት ወደ ውስጥ መውደቅ በተለይ ከጉርምስና በኋላ ባሉ ሴቶች ላይ ይበዛል፣ ኤሲኤል ከሚባለው የጉልበት ጅማት መበጠስ ጋርም ስሙ ይነሣል። በዓይን ካመለጠ ስልክ በዝግታ ይቀርጸዋል። ጆሮም ይረዳል፤ «ዱብ» የሚል ድምፅ መገጣጠሚያዎቹ እንዳልታጠፉ ይናገራል። «ጉልበትሽን አስተካክዪ» ከማለት «ድምፅ ሳታሰሚ ውረጂ» ማለት በአብዛኛው የተሻለ ይሠራል። ልጅቷ በተከታታይ በጸጥታና በቀጥታ መውረድ ካልቻለች ወደሚቀጥለው ደረጃ አትለፍ።

ብዛት የሚቆጠረው እግር መሬት በነካ ቁጥር ነው። በተለመዱት መመሪያዎች ለጀማሪ አዋቂ በአንድ ልምምድ ከ80 እስከ 100 ንክኪ ይባላል፤ ለታዳጊ ከዚያ ዝቅ ብሎ መነሣት ይገባል። አንዲት የ14 ዓመት ሱሉስ ዘላይን እናስብ፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመሃሉ ቢያንስ 48 ሰዓት እያረፈች፣ ለ12 ሳምንት ትሠራለች።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በሁለት እግር ዘሎ መቆም ብቻ ነው፤ ከ50 እስከ 60 ንክኪ። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ሳይቆሙ መቀጠል ይጀመራል፦ በቁርጭምጭሚት ብቻ ነጠር ነጠር ማለት፣ ከዚያም 15 ሳንቲሜትር በሚሆኑ ትንንሽ መሰናክሎች ላይ ተከታታይ ዝላይ፤ እስከ 80 ንክኪ። ሰባተኛው ሳምንት ወደ 50 ይወርዳል፤ ዝም ብሎ መቀነስ ለብዙ አሰልጣኝ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው ሳምንት በአንድ እግር መዝለልና በረጅሙ እየተፈናጠሩ መሮጥ ይገባሉ። ድምሩ 80 አካባቢ ይቆያል፤ ከዚህ ውስጥ በአንድ እግር የሚሠራው ከ30 አይበልጥም፣ ምክንያቱም አንድ እግር ሁለቱ የሚጋሩትን ለብቻው ይሸከማል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ብቻ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ካለው ሳጥን ወርዶ ወዲያው መነሣት፣ አሥር ያህል ጊዜ፣ ይጨመራል፤ ሌላው በዚያው ልክ ይቀነሳል።

ቁጥሩ የሚዛባው ግን ፕላዮሜትሪክ ተብሎ ካልተጻፈው ነው። ያችው ልጅ በዚያው ቀን በአጭር መንደርደሪያ አሥር ሱሉስ ዝላይ ብትሠራ 30 ከባድ መነሻዎች ጨመረች ማለት ነው። ጠዋት በስፖርት ክፍለ ጊዜ ቅርጫት ኳስ ተጫውታ ከሆነ ደግሞ ማንም ያልቆጠረው ዝላይ አለ። የዝላይ ቴክኒክ በሚሠራበት ቀን የአንድ እግር ልምምዱ መሰረዝ አለበት ባይ ነኝ።

የቀኑ ልምምድ መቆም ያለበት ቁጥሩ ሲሞላ ብቻ አይደለም። አምስት ተከታታይ ዝላዮቿ ባልደከመ እግር 9 ሜትር ከ80 ከሆኑና በኋላ ከ9 ሜትር ከ30 በታች ከወረዱ፣ ወይም እግሯ መሬት ላይ መቆየት ከጀመረ፣ የቀረው ይተው። በማግሥቱ ጠዋት ደረጃ ስትወርድ ከጉልበት ሎሚ በታች ካመማት የሚቀጥለው ልምምድ በግማሽ ይቀነሳል። ሕመሙ ከሳምንት ካለፈ፣ እብጠት ካለው ወይም ካነከሰች ሐኪም ይያት።

መሬቱ ከዚህ ሁሉ ጋር ይደመራል። ደልዳላና የታጨደ ሳር ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመረጥ ነው፤ የተደበቀ ጉድጓድ እንዳይኖረው አስቀድሞ በእግር መሄድ ያስፈልጋል። አሸዋ ጫናውን ያለዝባል፣ ግን እግርን ይይዛል፤ ፈጥኖ መነሣትን አያስተምርም። ወፍራም የጂምናስቲክ ፍራሽም ይኸው ጉድለት አለበት፣ ቁርጭምጭሚትም ያጣምማል። ሰው ሠራሹ የመሮጫ መም ለፈጣን መነሣት ጥሩ ነው፤ ስለዚህ ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ ይግባ። መሬቱ በተለወጠበት ሳምንት ብዛቱም ክብደቱም አይጨመርም፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል።

እኛ ዘንድ ያለው እውነታ ከዚህ ይለያል። የብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ምርጫ የሲሚንቶ ቅርጫት ኳስ ሜዳ ወይም የጠጠረ አፈር ነው። አፈሩ ክረምት ላይ ያንሸራትታል፣ በበጋ ደግሞ ሲሚንቶ ይሆናል። ተረከዝ ሲመታው ምልክት የማይቀበል አፈር እንደ ሲሚንቶ ይቆጠር። እዚያ ላይ መሥራት ግድ ከሆነ በቁርጭምጭሚት መንጠርና ዘሎ መቆም ብቻ ይሠራ፣ ብዛቱም በአንድ ሦስተኛ ይቀነስ፤ በአንድ እግር የሚሠራውና ከሳጥን መውረዱ ሳር እስኪገኝ ይቆይ። መሬቱን በዶማና በአካፋ ማላላት የሚቻልበት ቦታ፣ አንድ 20 ሜትር መስመር ማዘጋጀት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አሰልጣኞች ሆይ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ይኑራችሁ፦ የወሩ ቁመት፣ የቀኑ ንክኪ፣ የተሠራበት መሬት፣ የማግሥቱ ሕመም። ስልሳ ሳንቲሜትር ሳጥን ለ14 ዓመት ልጅ አያስፈልግም።