ነገን ሳያዩ መተንበይ

በጀርመኗ ዬና ከተማ ያለ አንድ የአየር ሁኔታ ጣቢያ በየ10 ደቂቃው ሙቀትን፣ የአየር ግፊትንና እርጥበትን ይመዘግባል። ከ2009 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው መረጃ ለትንበያ ተማሪዎች የታወቀ መለማመጃ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ያለፉት አምስት ቀናት ልኬት ተሰጥቶ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ስንት ይሆናል?

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መዝገቡን እንደ ካርታ በውዞ ከፊሉን ለማሠልጠኛ፣ ከፊሉን ለፈተና ይመድባል። የ4፡10 ልኬት ግን ከ4፡00ው እምብዛም አይለይም። ስለዚህ ሞዴሉ የፈተናውን መልስ ከአጠገቡ ካለው መስመር አስቀድሞ አይቶታል። ውጤቱ ያማረ ይመስላል፤ ሥራ ላይ ሲውል ይወድቃል።

መፍትሔው በጊዜ መቁረጥ ነው፦ የመጀመሪያው ግማሽ ለማሠልጠኛ፣ ቀጣዩ ሩብ ለማስተካከያ፣ የመጨረሻው ሩብ ለፈተና። ልኬቶቹን ለማመጣጠን የሚያገለግለው አማካይም ከማሠልጠኛው ክፍል ብቻ ይሰላል።

ፍራንሷ ሾሌ በመጽሐፉ እንዲህ ሲለካ፣ «ነገ በዚህ ሰዓት ሙቀቱ እንደ አሁኑ ነው» የሚለው ተራ ግምት በአማካይ በ2.62 ዲግሪ ሳተ። ልኬቶቹን በተራ እያነበበ ያለፈውን የሚያስታውሰው ኤልኤስቲኤም የተባለ ሞዴል ደግሞ በ2.55። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም እውነተኛ ነው። ስህተቱ ወደ ዜሮ የተጠጋ ሞዴል የሠራ ሰው፣ ከመደሰቱ በፊት መረጃውን እንዴት እንደከፈለ ይመርምር።