አሥራ ሁለቱ ፈላጊዎች የት ገቡ?

አዲስ አበባ ያለ አንድ ቡና ላኪ እናስብ። ጀርመን ውስጥ ቡና ቆልተው ለሚሸጡ ትንንሽ ድርጅቶች በኢሜይል ራሱን ያስተዋውቃል። እሱ አያውቃቸውም፤ እነሱም አያውቁትም። በአንድ ወር 400 ደብዳቤ ልኮ በመጨረሻ እጁ ላይ የቀረው 2 የስልክ ቀጠሮ ነው። ቁጥሮቹን ያዘጋጀሁት ለምሳሌ ነው፤ እንዲህ ያለ ወር የገጠመው ነጋዴ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ ደብዳቤው አልጣመም፣ እንደገና ይጻፍ።

ከመጻፉ በፊት ይቁጠር። ከ400ው 40ው በአድራሻ ስሕተት ተመልሰዋል። ስለዚህ የሚካፈለው ለ360 ነው፤ ደብዳቤው ያልደረሰው ሰው «መልስ ነፈገኝ» ተብሎ አይወቀስም። 27 መልስ መጣ። 9ኙ «እረፍት ላይ ነኝ» የሚሉ፣ ሰው ያልጻፋቸው ናቸው፤ ይውጡ። 18 ይቀራል። 18 ለ360 ሲካፈል 5 በመቶ ይሆናል፤ የምላሽ መጠን የሚባለው ይህ ነው። አንዱ ሰው ሦስት ጊዜ ቢጽፍም የሚቆጠረው አንዴ ነው።

ቀጥሎ 18ቱን ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው። 12ቱ ዋጋ ወይም ናሙና ጠይቀዋል። 4ቱ ዳግመኛ እንዳይጻፍላቸው አሳስበዋል። የቀሩት 2 «እናመሰግናለን፣ እናየዋለን» ብለዋል። ሰው ራሱን የሚያታልለው በእነዚህ ሁለቱ ነው፤ ይሉኝታን ፍላጎት ብሎ ይመዘግባል። እኔ አዎንታዊ የምለው ከላኪው አንድ ነገር የጠየቀን መልስ ብቻ ነው፦ ዋጋ፣ ናሙና ወይም ሰዓት። በዚህ መስፈርት የአዎንታዊ ምላሽ መጠኑ 12 ለ360፣ 3.3 በመቶ ገደማ ነው።

አሁን መንገዱን እንየው፦ 360፣ 18፣ 12፣ 2። ከመለሱት ሁለት ሦስተኛው ቡናውን ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ደብዳቤው ትክክለኛ ሰዎች ዘንድ ደርሷል፣ የሚለውም ገብቷቸዋል። የተሰበረው ከ12 ወደ 2 ሲኬድ ነው። ከ12ቱ ግማሹ ቀጠሮ ቢይዙ 6 ቀጠሮ ይገኛል። በያዘው አካሄድ 6 ለማግኘት ግን 1,200 ደብዳቤ መላክ አለበት።

የ12ቱን ንግግር ከፍቶ ሲያነብ ምክንያቱ ይታያል። ዋጋ ለጠየቁት የመለሰው በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን ነው። መልሱም የዋጋ ዝርዝር ሆኖ መጨረሻው «ሲመችዎ ያሳውቁኝ» ነው፤ ኳሷን መልሶ ለገዢው ሰጠ። ለአንዱ ደግሞ «3 ሰዓት ላይ እንነጋገር» ብሎ ጽፏል፤ ለእኛ የጠዋት ሦስት፣ ለጀርመኑ ግን ከቀትር በኋላ ወይም ከእኩለ ሌሊት በኋላ! መፍትሔው አዲስ ደብዳቤ አይደለም። በዕለቱ መልስ መስጠት፣ ሁለት ሰዓቶችን በገዢው አቆጣጠር ማቅረብ፣ ናሙናውንም ከንግግሩ ጋር ማያያዝ ነው። ጀርመን በብርድ ወራት ከእኛ 2 ሰዓት፣ በሙቀት ወራት 1 ሰዓት ወደኋላ እንደምትሆንም መርሳት አይገባም።

ስብራቱ ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ሥራውም ሌላ ነበር። 50 ሰው መልሶ 3 ብቻ ቢፈልጉ፣ ጥፋቱ የአድራሻ ዝርዝሩ ነው፤ አለዚያ ደግሞ ርዕሱ የማያውቁትን ሰው እንደ ወዳጅ አስመስሎ አስከፍቷቸው ይሆናል። እንዲህ ያለው ዘዴ የምላሽ መጠንን ከፍ አድርጎ አዎንታዊውን ይገድለዋል። ከ360 አንድ ብቻ ቢመልስ ግን ቃላት ከማሳመር በፊት ደብዳቤው ስፓም ውስጥ እየወደቀ እንደሆነ ይጣራ። የጂሜይልና የሌላም አገልግሎት አድራሻ ወዳላቸው ጓደኞች ልኮ የት እንደገባ መጠየቅ፣ SPF፣ DKIM እና DMARC መስተካከላቸውን ማየት ነው። ጂሜይልና ያሁ በዚህ ረገድ ሕጋቸውን ያጠበቁት በፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ነው። «ስንት ሰው ከፈተው» የሚለውን ቁጥር አልጠቀምበትም፤ አፕል ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰው ሳያነብ ምስሎቹን ራሱ ስለሚያወርድ የተከፈተ ያስመስላል።

በትንሽ ቁጥር መቸኮልም አለ። አንዱ ደብዳቤ ከ100 ሰው 5፣ ሌላው 8 መልስ ቢያመጣ ሁለተኛው ይሻላል ማለት አይቻልም፤ ልዩነቱ ሦስት ሰው ነው፣ በአጋጣሚም ይመጣል። ታዲያ 2 ከ12ስ ትንሽ አይደለም? ነው። ያሳመነኝ ግን የዘገየው መልስና የተምታታው ሰዓት በጽሑፍ መኖሩ ነው እንጂ ስሌቱ ብቻ አይደለም።

የተመለሱት 40 ደብዳቤዎችም ችላ አይባሉም። ከአሥር አንድ መመለሱ ብዙ ነው፤ የላኪውን ስም በኢሜይል አገልግሎቶች ዘንድ ያበላሻል። ስለዚህ ዛሬ ለ12ቱ መልስ ይጻፍ፤ አድራሻዎቹ እስኪጣሩ ደግሞ አዲስ ደብዳቤ አይውጣ።

ከሁለቱ ቀጠሮዎች አንደኛው የ3 ሰዓቱ ነበር። ገዢው ከቀትር በኋላ ጠብቆ ዘጋ። መዝገቡ ላይ ግን «ቀጠሮ የተያዘ» ተብሎ ተቆጥሯል፤ ከጎኑ «የተካሄደ» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመርበት።